ለነገ አቀራረብ ዛሬ አንድ ሰው ሲጎድል

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ ስለ አንዲት ምሽት ላውራችሁ።

አምስት ሆነን ጥናት ልናቀርብ ነው። የተሰጠን 20 ደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዳችን 4 ደቂቃ ይደርሰናል። በዋዜማው፣ መሽቶ፣ ሦስተኛው ተናጋሪ መልእክት ላከ። ጉሮሮው ታሟል፣ ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል። የእሱ ድርሻ መረጃውን እንዴት እንደሰበሰብን ማስረዳት ነበር።

መጀመሪያ ክፍሉን ለአራት ቆረስነው። አንድ አንድ ደቂቃ፣ ማንም እንዳይከብደው። ስንለማመደው 23 ደቂቃ ፈጀ። በየደቂቃው አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል። እኔ ስለ መጠይቁ ስናገር ዓይኔን ከስላይዱ መንቀል አቃተኝ። የሰው ቃል እያነበብኩ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

ያኔ አንዷ "ለዚህ ክፍል ይበልጥ ቅርብ ማን ነው?" አለች። መልሱ እዚያው ነበር፤ ውጤቱን የምታቀርበው ልጅ። የምትጠራቸው ቁጥሮች በሙሉ የሚመጡት ከዚያ ነው። ክፍሉን ለእሷ ሰጠን። ግን በላይዋ ላይ አልጫንባትም። የመጨረሻውን ግኝቷን ለምክረ ሐሳብ አቅራቢው አሳለፈች፤ የእሱ የመጀመሪያ ምክር የሚነሳው ከዚያው ግኝት ስለሆነ አልከበደውም። እኔና የመግቢያው ተናጋሪ ጽሑፋችንን ምንም አልነካንም። በዋዜማ የተነካካ ጽሑፍ መድረክ ላይ እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ።

ለታመመው ጓደኛችን አንድ ጥያቄ ላክንለት፦ "ምኑ ቢቀር ውጤቱ ለሰሚው አይገባም?" ሁለት ነገር ጻፈልን። አንደኛው ማንን እንደጠየቅን፣ ሁለተኛው ከበተንነው 60 መጠይቅ 48ቱ ብቻ ለምን እንደተመለሱ። ስድስቱ ስላይዶች ሁለት ሆኑ። አራቱን አልጣልናቸውም፤ ጥያቄ ከተነሳ ብለን ከ"እናመሰግናለን" በኋላ አስቀመጥናቸው። አራት ደቂቃው ወደ ሁለት ወረደ። የተረፈውን ጊዜ ሆን ብለን አልሞላንም። ሰው አዲስ የያዘውን ነገር ሲናገር ይዘገያል።

ከዚያ የተለማመድነው መቀባበያውን ብቻ ነው። ሁለተኛ ተናጋሪ እኔ ነኝ። ንግግሬን የምዘጋው የታመመውን ጓደኛችንን ስም ጠርቼ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ከአፌ የወጣው የእሱ ስም ነው። በአራተኛው ተስተካከለልኝ። ይህን ሳንለማመድ ብንገባ ኖሮ ታዳሚው ፊት የሌለ ሰው እጠራ ነበር።

በነጋታው "12ቱ ሰዎች ለምን አልመለሱም?" ተባልን። እሱ ቀድሞ ጽፎልን ስለነበር ልጅቷ ሳትደናገር መለሰች። ቀጥሎ ስለ ጥያቄዎቹ አመራረጥ ተጠየቀች። ይህን አታውቅም፣ አልገመተችምም። "ይህን የሠራው ባልደረባችን ዛሬ አሞት ቀርቷል፤ ጠይቀነው መልሱን እንልክልዎታለን" አለች። ጠያቂው "እሺ" ብለው ተቀመጡ።

መልሱን በዚያው ማታ ጻፈው፤ አንድ ገጽ ሙሉ። ስሙንም ከመጀመሪያው ስላይድ አላነሳነውም ነበር።