ጥሬ ብር ወይስ የሞባይል ገንዘብ? ከጉሊት ነጋዴዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

«ቴሌብር ለመቀበል ስማርት ስልክ መግዛት አለብኝ ወይ?»

አያስፈልግዎትም፤ በማንኛውም የቁልፍ ስልክ *127# ደውለው መቀበልም ቀሪ ሂሳብዎን ማየትም ይችላሉ።

«ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ደንበኛው ገንዘቡ መላኩን በራሱ ስልክ ካሳየኝ አይበቃም? ሁሉንም ብጠረጥር ገበያተኛ ይሸሸኛል።»

እህቴ፣ አይበቃም። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ በየሳምንቱም የምመልሰው አንድ ነው፦ በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየው ነገር ገንዘብ አይደለም። ገንዘብዎ የገባው በእርስዎ ስልክ ላይ ቀሪ ሂሳብዎ ሲጨምር ብቻ ነው።

ማታለያው በሦስት መንገድ ይመጣል። አንዱ ደንበኛው ቀደም ሲል የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ፣ መጠኑንና ቀኑን ቀይሮ ማሳየት ነው። ሌላው በትክክል ቢልክም ወደ ሌላ ሰው ቁጥር መላክ ነው፤ ሻጯ የምታየው የብሩን መጠን እንጂ የተቀባዩን ስም ስለማይሆን ያልፋታል። ከሁሉም የከፋው ግን ወደ እርስዎ ስልክ የሐሰት መልእክት መላክ ነው። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ የሐሰተኛው ላኪ ግን ብዙ ጊዜ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። ጽሑፉ እስከ ግብይት ቁጥሩ ድረስ ተመሳስሎ ሊሠራ ስለሚችል፣ መልእክቱን ማንበብ ብቻውን አያድንም።

እንዲህ አድርገው ያስቡት። ጠዋት ቀሪ ሂሳብዎ 3,200 ብር ነበር እንበል። አንድ ሰው ለምግብ ቤት ብሎ የ1,500 ብር ቲማቲም ያስመዝናል፤ ወዲያው «1,500 ብር ተቀብለዋል» የሚል መልእክት ይደርስዎታል። ሰውየው ባጃጅ አስቁሞ ይቸኩላል። እርስዎ ግን *127# ደውለው ሂሳብዎን ሲያዩ 4,700 ሊል ይገባዋል። አሁንም 3,200 ካለ ክፍያው አልገባም፤ ቲማቲሙም ከጉሊትዎ መነሳት የለበትም። ኔትወርክ ከጠፋና ማረጋገጥ ካልቻሉ፣ ዕቃውን ለይተው አስቀምጠው «እስኪገባ ትንሽ ይጠብቁኝ» ቢሉ ማንም ቅን ሰው አይቀየምም። የሚቀየም ቢኖር እንኳ የአንድ ሰው ቅሬታ ከሙሉ ሣጥን ቲማቲም ይረክሳል።

«በስህተት ልኬልሽ ነው፣ መልሺልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣም ያው ነው። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። ብዙዎች የሐሰት መልእክቱን አምነው የሚመልሱት የራሳቸውን ገንዘብ ነው።

«የአገልግሎት ክፍያው ትርፌን አይበላውም?»

የሚበላው መቀበሉ ሳይሆን ማውጣቱ ነው። ከወኪል ጥሬ ብር ሲያወጡ ክፍያው እንደ መጠኑ በደረጃ ስለሚቆረጥ፣ 2,000 ብርን በየቀኑ 500፣ 500 እያደረጉ አራት ጊዜ ማውጣት በአንድ ጊዜ ከማውጣት የበለጠ ሊያስከፍልዎ ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልግዎትን ያህል በአንድ ጊዜ ያውጡ፤ የሚቀበል ከሆነም ለአከፋፋይዎ በዚያው ይክፈሉት። የተቆረጠብዎ ክፍያ ወዲያው በሚደርስዎ መልእክት ላይ ስለሚጻፍ፣ ለአንድ ወር በደብተር ይመዝግቡትና በሽያጭዎ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምር ራስዎ ይፍረዱ።

«እንግዲያው ጥሬ ብር ብቻ ብቀበል አይሻልም?»

ለሁሉም ነጋዴ አንድ መልስ የለኝም፤ የሚወስነው ደንበኛዎ ነው። መሥሪያ ቤት አጠገብ የሚሸጡ ከሆነ ብዙ ወጣት ብር ሳይዝ ስለሚመጣ ገበያ ያመልጥዎታል። የሚሸጡት በአብዛኛው ለአረጋውያን ከሆነ፣ ወይም ዕቃ የሚያመጣልዎ ገበሬ ጥሬ ብር ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ጥሬ ብሩን መተው አይችሉም። እኔ የምመክረው ሁለቱንም መቀበል፣ ለመልስ የሚሆኑ ባለ 10 እና ባለ 50 ብር ኖቶችን በእጅ ይዞ፣ የቀረውን ጥሬ ብር ሳይመሽ ወደ ሂሳብ ማስገባት ነው። ሌሊት ብር ታቅፎ ወደ ቤት መሄድ የሚያስከትለውን አደጋ ለነጋዴ መንገር አያስፈልገኝም። ባለ 200 ብር ሲቀበሉ ግን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው የውስጥ ምስሉንና ክሩን ማየት ልማድ ያድርጉት።

«ማንበብ ስለማልችል ሚስጥር ቁጥሬን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። ችግር አለው?»

እናቴ፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ጎረቤትዎ ደግ ብትሆንም ስልኩ ከእጅዋ ወደ ሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። ለወኪልም፣ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ለሚልም አይስጡ። ቀሪ ሂሳብዎን ለማየት እንዲረዳዎ የሚያምኑትን ልጅ ከጎንዎ ያስቀምጡ፤ ቁጥሩን ግን በገዛ ጣትዎ ይጫኑ።

«በስህተት ለማላውቀው ሰው 800 ብር ላክሁ።»

የግብይት ቁጥሩን ይዘው ወዲያውኑ ወደ 127 ይደውሉ፤ ካልሆነም መታወቂያዎን ይዘው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም መሸጫ ማዕከል ይሂዱ። ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው ማስመለሱ እጅግ ስለሚከብድ፣ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው።

«በስልክ የተቀበልኩት ሁሉ ግብር ያስከፍለኛል?»

ይህን በስልክ አልመልስልዎትም። የሽያጭ ደብተርዎን ይዘው ወደ አካባቢዎ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ሂሳብ ባለሙያ ይሂዱ።