ከእንቅልፉ ነቅቶ ወዲያው ለሚለኩስ ሰው፦ ፕላስተር፣ ማስቲካ ወይስ የሚመጠጥ ክኒን?

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ቤተሰቦቻችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሲጋራ ይጎዳል ብዬ ልመክራችሁ አልመጣሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ለማቆም ወስናችሁ ፋርማሲ ስትገቡ የትኛውን እንደምትመርጡ ልነግራችሁ ነው። ኒኮቲንን ያለ ጭስ የሚሰጡ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ማስቲካ እና አፍ ውስጥ የሚሟሟ የሚመጠጥ ክኒን።

ለመምረጥ መጀመሪያ የምጠይቀው በቀን ስንት ታጨሳለህ ብዬ አይደለም። ከነቃህ በኋላ የመጀመሪያዋን ስንት ደቂቃ ቆይተህ ትለኩሳለህ ነው የምለው። ኒኮቲን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው ሲነጋ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ደግሞ ከሁሉም የበረታ ነው።

አንድ ሰው በምሳሌ ልውሰድ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በቀን 25 ሲጋራ ያጨሳል። የመጀመሪያዋን የሚለኩሳት ገና ከአልጋው ሳይወርድ ነው። ሁለት መንጋጋው ወልቋል፣ ሌላው ደግሞ ያመዋል። ጠዋት ቡና ካልጠጣ አይንቀሳቀስም። ለዚህ ሰው ምን ልስጠው?

ማስቲካ ብቻ ብሰጠው ቀኑን ሙሉ ሲያኝክ ሊውል ነው፣ ጥርሱም አይችልም። ፕላስተር ብቻ ብሰጠው ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ፕላስተር ኒኮቲኑን ቀስ እያለ ነው የሚሰጠው። ከተለጠፈ በኋላ ደም ውስጥ ከፍ እስኪል ሰዓታት ይፈጃል። ሐራራው ድንገት ሲነሳ አይደርስለትም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የኔ ምርጫ ፕላስተሩንና የሚመጠጠውን ክኒን ማጣመር ነው። ፕላስተሩ ከሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይይዘዋል፣ የሚመጠጠው ክኒን ደግሞ ሐራራው ሲመጣ ይደርስለታል። አንዱን ብቻ ከመጠቀም ሁለቱን ማጣመር ብዙ ሰው እንዲያቆም እንደሚረዳ በተደጋጋሚ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል።

መጠኑን ልንገራችሁ። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ፕላስተሩ ባለ 21 ሚሊግራም ነው። የተለመደው አካሄድ እሱን ስድስት ሳምንት፣ ከዚያ ባለ 14ን ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ባለ 7ን ሁለት ሳምንት ነው። ክኒኑም ሆነ ማስቲካው ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊግራም አለ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ ሰው ባለ 4ቱ ነው የሚሆነው። ባለ 2ቱን ወስዶ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። መድኃኒቱ ሳይሆን መጠኑ ነበር ያነሰው።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንሂድ፣ ትልቁ ፈተና እዚያ ነው። ሾፌራችን የ24 ሰዓት ፕላስተር ለጥፎ ይተኛል። ሲነጋም ሰውነቱ ባዶ አይሆንም። እንደነቃ የቆየውን አንስቶ አዲሱን ሌላ ቦታ ላይ ይለጥፋል፣ ወዲያውም አንድ ክኒን አፉ ውስጥ ያደርጋል። አያኝከውም፣ አይውጠውም። ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አልፎ አልፎ እያዞረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆየዋል። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ቆዳ በኩል ነው። ከተዋጠ ሆድ ያቃጥላል፣ ስቅታ ያመጣል፣ ሐራራውን ግን አያስታግስም።

እዚህ ላይ ቡናው ይመጣል። ቡናም፣ ኮካም፣ ጭማቂም አፍን አሲዳማ ስለሚያደርጉ ኒኮቲኑ በደንብ አይገባም። ከክኒኑ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣም። ደግነቱ የኛ ቡና ቶሎ አይደርስም። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥና እስኪፈላ ክኒኑ ያልቃል፣ አቦሉን በሰላም ይጠጣል።

ስለ ቡና ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ የቡናውን ካፌይን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ማጨስ ስታቆሙ ያው የለመዳችሁት ሦስት ሲኒ ሰውነታችሁ ውስጥ እጥፍ ሆኖ ይቆያል ማለት ይቻላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውየው «ሲጋራው ነው የቸገረኝ» ብሎ ይለኩሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ ቀንሱት። ጫት የሚቅም ሰውም ይህን ያስብበት፤ አፉ በጫት ተሞልቶ ክኒንም ማስቲካም ቦታ የለውም።

ጥርሱ ጤነኛ የሆነና አፉ ሥራ ሲይዝ ደስ የሚለው ሰው ማስቲካውን ይምረጥ። ግን እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ እያላችሁ አኝኩት፣ ጠንከር ያለ ጣዕም ወይም ማቃጠል ሲሰማችሁ አቁሙና ጉንጭና ድድ መሃል አስቀምጡት። ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና አኝኩ። እንዲህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ፕላስተሩን የት እንለጥፈው? ፀጉር የሌለበት፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፦ ክንድ፣ ደረት ወይም ጀርባ። ቅባት ከተቀባችሁበት አይይዝም። በመዳፋችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ጫን አድርጉት። ባቲን አልፋችሁ ቆላ ስትወርዱ ላብ እንዳያነሳው ደህና አድርጋችሁ ተጫኑት። ሾፌሮች ሆይ፣ በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ግራ ክንዳችሁ ላይ አትለጥፉት። ሙቀት ሲያገኘው ኒኮቲኑ ከሚገባው በላይ ይገባል። የቆየውን ሁለት አጥፋችሁ፣ ልጅና እንስሳ የማያገኘው ቦታ ጣሉት፣ ገና መርዝ አለበት።

መጠኑ መብዛት አለመብዛቱን በምን ታውቃላችሁ? ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስ ማዞርና የልብ መምታት ካለ በዝቷል፣ ቀንሱ። ቀኑን ሙሉ ብስጭትና ሐራራ ካለ ደግሞ አንሷል። ክኒኑን በየአንድና ሁለት ሰዓቱ አንድ መውሰድ ትችላላችሁ፣ በቀን ግን ከ20 አይለፍ። ፕላስተሩ ሌሊት በቅዠት ካስቸገራችሁ ማታ አንሱት፣ ጠዋት ክኒኑን አስቀድሙ። ፕላስተር ለጥፎ አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ፈርቶ ፕላስተሩን አይጣል። ሲጋራውን ይተው እንጂ ፕላስተሩን ይቀጥል።

በጾም ወራት ማስቲካና ክኒን በቀን አይቻልም። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ቀኑን የሚሸፍነው ፕላስተሩ ነው፤ ፕላስተሩ ጾም ያፈታ እንደሆነ ሼኻችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክኒኑ ከማፍጠሪያ በኋላ ይሆናል።

በቅርብ ሳምንታት ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠመው፣ የልብ ምቱ የሚዛባ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ግን መጀመሪያ ሐኪም ታማክር፣ ያማክር። ሦስቱም በየፋርማሲው ላይገኙ ስለሚችሉ የማቆሚያ ቀናችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት መኖሩን አረጋግጡ። የሚገኘው አንዱ ብቻ ከሆነ በሱ ጀምሩ። አሁን ናሙና ፕላስተሮች ይዣለሁ፣ አለጣጠፉን የምትሞክሩ ወደ ፊት ኑ።