«አይረጋም» ያልኩት ማር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። ስለ አንዲት ቃል ልነግራችሁ ነው። ቃሏ «አይረጋም» ናት።

ማር ነጋዴ ነኝ። ከጌራ አካባቢ ገበሬዎች እገዛለሁ፣ አጣርቼ በጠርሙስ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ነው ያሉት። ሥራውን ስጀምር ቴሌግራም ላይ ያወጣኋት የመጀመሪያ ማስታወቂያ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለች። «መቶ በመቶ ንጹህ የጫካ ማር። አይረጋም። ለጨጓራ፣ ለስኳር በሽታ፣ ለሁሉም መድኃኒት።» ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ? እኔ ግን የማላውቀውን ሁሉ ነበር የተናገርኩት።

«አይረጋም»ን ለምን ጨመርኳት? ገዢው የረጋ ማር ሲያይ «ስኳር አለበት» ስለሚል ነው። ሁሉም ነጋዴ ይጽፋታል፣ እኔም ጻፍኳት። ክፋት አስቤ አልነበረም። ግን እውነት መሆኗንም አላጣራሁም።

ሰኔ ላይ አንዲት እናት ሃያ ኪሎ ነጭ ማር አዘዙኝ። ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ሊያከፋፍሉ ነው። ነጩ ማር እኛ ጋ ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚመጣ ነው፤ ገበሬዎቹ «ዳማ አዲ» ይሉታል። ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ይቆረጣል። እዚህ ስቀዳው ወለል ብሎ ይፈስ ነበር። በአውቶቡስ ጭኜ ላክሁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አሉኝ። አልጮሁም። ሃያውም ጠርሙስ እንደ ቅቤ ረግቷል። ባልደረቦቻቸው ደግሞ እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነው የጠየቁት፤ ስሜን ጠርተው ያመጡት እሳቸው ናቸዋ።

ማሩ ንጹህ ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «አይረጋም ያልከኝ አንተ ነህ» አሉኝ። ምን ልበል? ራሴ የጻፍኳት ቃል ምስክር ሆና መጣችብኝ። ባልጽፋት ኖሮ የማስረዳው ነገር ነበረኝ። ከጻፍኳት በኋላ ግን ማብራሪያዬ ሁሉ ማምለጫ መሰለ። ብራቸውን መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ከዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው እንኳን አልደወለም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማር ውስጥ በዋናነት ሁለት ዓይነት ስኳር አለ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ግሉኮሱ በዛ ያለበት ማር ቶሎ ይረጋል፤ የገተማው ማር ደግሞ ቶሎ ከሚረጉት ነው። ቅዝቃዜም ያፋጥነዋል። በጣም የሚመቸው ወደ 14 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ማለት ይኼው ነው። ጅማ ላይ ሲፈስ የነበረ ማር እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢረጋ ምንም አይገርምም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። ቃሌን ላለማጠፍ ብዬ ማሩን ማሞቅ ጀመርኩ። በድስት፣ በደንብ አድርጌ። እውነትም ለብዙ ጊዜ አልረጋም። ቀለሙ ግን ጠቆረ፣ የአበባው ሽታም ጠፋ። ማር ከሚሸጡልኝ አዛውንት ለአንዱ አቀመስኳቸው። በጣታቸው ትንሽ ቀመሱና ዝም አሉ። «እንዴት ነው አባ?» አልኳቸው። «ይኼ ማር ተቀቅሏል» አሉኝ። የራሳቸው ማር ነበር። ዛፍ ላይ ወጥተው፣ በሌሊት፣ በንብ ተነድፈው ያወረዱት። እኔ ለማስታወቂያዬ ስል ቀቀልኩባቸው። አንጀቴ ተቃጠለ። የማይሆን ነገር ቃል ስገባ ገዢውን ብቻ ያታለልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቃሌን ላሟላ ስል ዕቃውንም እያበላሸሁ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያዬን ቃል በቃል ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ለእያንዳንዷ ቃል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦ ይኼን በምን አወቅሁ?

«መድኃኒት» ወዲያው ወጣች። ሐኪም አይደለሁም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በእኔ ቃል ማር ቢጠጣ ተጠያቂው ማነው? እንዲያውም የጎደለውን ጨመርኩ፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ሳያውቁ «መድኃኒት ነው» ብሎ ማስተዋወቅን ሕጉም ቢሆን አይፈቅድም፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል።

«መቶ በመቶ ንጹህ» ናት ያስቸገረችኝ። ድሮ ገዢ ፊት ክብሪት ማር ውስጥ ነክሬ እጭር ነበር። ሲነድ «አያችሁ?» እላለሁ። ክብሪቱ የሚያሳየው ቢበዛ ማሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ቢሆን ያስነድዳል። ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረጉም፣ ጉንዳን ማስጠጋቱም እንደዚያው። ስኳር መቀላቀሉን በእርግጥ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ክብሪቱን ተውኩት። የማታውቀውን ነገር በትርኢት ማሳየትም ያው መዋሸት ነው።

አሁን ጠርሙሱ ላይ የምጽፈው ይኼን ነው፦ «ከጌራ፣ የገተማ አበባ ማር። በግንቦት የተቆረጠ። የውኃ መጠን 18 በመቶ። ምንም አልጨመርኩበትም። ብርድ ሲነካው ይረጋል፤ ጣት በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆይተው ያቅልጡት፣ አያፍሉት።» የውኃውን መጠን ሪፍራክቶሜትር በምትባል ትንሽ መነጽር ነው የምለካው። ጠብታ አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ከ20 በላይ ከሆነ ሊቦካ ስለሚችል አልገዛም። «ምንም አልጨመርኩበትም» ያልኩትም ተጠንቅቄ ነው። የምናገረው ስለ ራሴ እጅ ነው። ስለ ገበሬዎቹ ደግሞ እያንዳንዱ ጀሪካን ከማን እንደመጣና መቼ እንደመጣ በደብተር እመዘግባለሁ። አንድ ጠርሙስ ላይ ቅሬታ ቢመጣ ወደ ማን እንደምመለስ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጎድቶኛል፣ አልደብቃችሁም። «ይረጋል» የሚለውን አንብበው ጎረቤቴ ጋ የሄዱ አሉ። የመጀመሪያው ክረምት ሽያጬ ቀነሰ። በሁለተኛው ክረምት ግን ለቅሬታ የሚደውልልኝ ሰው ጠፋ፤ ሲረጋ ጠርሙሱን አንብበው ሙቅ ውኃ ውስጥ ይከቱታላ።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት ደንበኛዬ ደወለችልኝ። ደስ ብሏታል። «ረጋ! እንዳልከው ረጋ! በቃ ንጹህ መሆኑን አወቅሁ፣ ለእህቴም አምስት ኪሎ ላክልኝ።»

አምስት ኪሎ ነው። ዝም ብዬ «እሺ» ማለት እችል ነበር። ግን ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ይረጋል። መርጋቱ ንጹህ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፣ አለመርጋቱም እንደዚያው። ይኼንኑ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ በምን ልወቅ?» አለችኝ። ከማን እንደገዛሁት፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ስንት ውኃ እንዳለው ከደብተሬ አነበብኩላት። ከዚያ ያለፈውን ላቦራቶሪ እንጂ እኔ አላውቀውም አልኳት። «ለእህቴ ልንገራት» ብላ ዘጋችው።