በ60 ቀን እየተቀበሉ በ15 ቀን መክፈል

የተከበራችሁ የጅማ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ሄርማታ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ሰው ደብተሩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። «ሥራ አለ፣ ትርፍም አለ፤ ለሠራተኛ ደመወዝ ግን በየወሩ እበደራለሁ። ሌባ ሳይኖር አይቀርም» አለኝ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ልንገራችሁ።

በዓመት 7,300,000 ብር በዱቤ ይሸጣል፤ በቀን 20,000 ብር ማለት ነው። ያልተሰበሰበው ዱቤ 1,200,000 ብር ነበር። ለ20,000 ስናካፍለው 60 ቀን መጣ። ጣውላና ኤምዲኤፍ ደግሞ በዓመት በ3,650,000 ብር በዱቤ ይገዛል፤ በቀን 10,000 ብር። ለእንጨት ነጋዴዎች ያለበት ዕዳ 150,000 ብር ስለነበር 15 ቀን ሆነ። የሸጠበትን በ60 ቀን ይቀበላል፣ የገዛበትን በ15 ቀን ይከፍላል። (ስታሰሉ ቫቱን ከሽያጩም ከዱቤውም አውጡ፤ ከአንዱ ብቻ ከወጣ ቀኖቹ ይዛባሉ።)

የ45 ቀን ልዩነት ብቻውን ግን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ድሮም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለት ዓመት በፊቱን ደብተር ገለጥን። ሽያጩም ግዢውም ያኔ ከአሁኑ ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ መሰብሰቢያው 30 ቀን፣ መክፈያውም 30 ቀን። ዱቤው ከ600,000 ወደ 1,200,000 ሲያድግ 600,000 ብር ደንበኞች ዘንድ ቀረ። የእንጨት ዕዳው ከ300,000 ወደ 150,000 ሲወርድ ሌላ 150,000 ከኪሱ ወጣ። በድምሩ 750,000 ብር። ብድሩን ስንደምረው ከዚሁ ጋር ተቀራረበ። መጋዘን ገብተንም እንጨት ቆጠርን፤ ክምችቱ ቢጨምር ኖሮ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። አልጨመረም። ሌባም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ፦ 45 ቀኑን በ20,000 አባዝቶ «የታሰረብኝ 900,000 ነው» ማለት። የሽያጭ ቀንና የግዢ ቀን ዋጋቸው እኩል አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ በብር አስሏቸው።

ከዚያ «ማን ነው የያዘው?» ብለን ዱቤውን በደንበኛና በርክክብ ቀን ዘረዘርነው። 450,000 ብሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ፤ ዕቃው ከገባ አራት ወር አልፎታል። ሰውዬው «መንግሥት ሁልጊዜ ይዘገያል» ብሎ ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር። ሄዶ ሲጠይቅ ሁለት ወንበሮች እግራቸው ስለላላ ንብረት ክፍሉ ዕቃውን መረከቡን የሚያሳየውን ሰነድ፣ ሞዴል 19ን፣ አልቆረጠለትም ነበር፤ ሞዴል 19 ከሌለ ደግሞ ፋይናንስ አይከፍልም። መዶሻና ኮላ ይዞ ሄደ፣ ወንበሮቹን እዚያው አጠበቀ፣ ሰነዱ ተቆረጠ። ገንዘቡ ሲገባ 60 ቀኑ ወደ 38 ወረደ።

አመሰግናለሁ።