ከስፌቱ በፊት ሚዛኑ የት አለ?

ዶክተር፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው ቁስሉ ሊሰፋለት የመጣን ሕፃን ለማደንዘዝ የምንወጋው ሊዶኬይን በክብደቱ ልክ እስከ ስንት ድረስ እንደሚፈቀድ ነው። ሲስተር፣ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ልግባ ብዬ ነበር።

ሲስተር፦ ዶክተር፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከቁጥሩ በፊት ስለ አንድ ልጅ ልንገርዎት፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በእርሱ ነውና። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ስሠራ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቆርቆሮ ግንባሩን እስከ ራስ ቆዳው ድረስ ቆርጦት፣ ክንዱንም ጨርፎት መጣ። እናቱ ታለቅሳለች፣ ልጁ ይጮኻል፣ ደሙ ይወርዳል። መድኃኒቱን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። ብልቃጡን አነሣሁ፣ ባለ አምስት ሲሲውን ሲሪንጅ ሞላሁና ለሚሰፋው ባለሙያ አቀበልኩት። ግንባሩ ከደነዘዘ በኋላ ለክንዱ ደግሞ አንድ ሲሲ ጨመርን። ልጁን የመዘነው ሰው አልነበረም።

ዶክተር፦ ብልቃጡ ስንት በመቶ ነበር?

ሲስተር፦ ሁለት በመቶ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ሁለት በመቶ» ማለት በመቶ ሲሲ ውስጥ ሁለት ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንዲት ሲሲ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ይገኛል። አንድ በመቶ ከሆነ 10 ሚሊ ግራም ነው። በመቶኛውን ቁጥር በአሥር ማባዛት ይበቃል። እኛ የወጋነው ስድስት ሲሲ ስለሆነ 120 ሚሊ ግራም ሰጠነው ማለት ነው። ልጁ በኋላ ሲመዘን 10 ኪሎ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 12 ሚሊ ግራም ደረሰው።

ዶክተር፦ ከሚፈቀደው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው!

ሲስተር፦ አዎ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ልጁ ዝም ማለቱን ነው። መስፋቱ እንደ ተጀመረ ጩኸቱ ቀነሰ፤ ዓይኑ ከበድ አለ። «ተመስገን፣ ደክሞት ተኛ» አልን። እናቱም ተረጋጋች። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ አካባቢ ብልጭ የሚል እንቅስቃሴ አየሁ፤ ወዲያው ሰውነቱ በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጎኑ አስተኝተን የአየር መንገዱን ከፈትን፣ ኦክስጅን ሰጠነው፣ ክንዱ ላይ ደም ሥር ስላልተገኘ ዳያዜፓም በፊንጢጣ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም፣ ማለትም 5 ሚሊ ግራም ሰጠነው። መንቀጥቀጡ ቆመ። ልጁ ዳነ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅ ቁስል ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው «ሚዛኑ የት አለ?» ብዬ ነው።

ዶክተር፦ የዝምታው ነገር ለእኔም ከባድ ነው። ዐዋቂ ቢሆን «ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ» ብሎ ቀድሞ ይነግረን ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ይህንን መናገር አይችልም።

ሲስተር፦ ትክክል። በልጅ ላይ ቀድመው የሚታዩት መነጫነጭ ወይም ያለ ምክንያት መፍዘዝ፣ ከዚያም የፊት ጡንቻ ብልጭታ ናቸው። ሁለቱም የፈራ ልጅ ወይም የደከመ ልጅ ይመስላሉ። ስለዚህ ሲሰፋ የነበረ ልጅ ድንገት ጸጥ ካለ፣ የሚሰፋው ሰው እጁን ከቁስሉ ላይ አንሥቶ ልጁን መጥራትና መቀስቀስ አለበት። መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ወደ ደም የሚገባው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ምልክቱ ከተወጋ ከብዙ ደቂቃዎች በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ራስና ፊት ደግሞ ደም የበዛባቸው ስለሆኑ ከእጅና ከእግር ቆዳ ይልቅ በፍጥነት ይመጥጡታል። ስለዚህ ስፌቱ አለቀ ተብሎ እናቲቱ ወዲያው ወደ ቤት መላክ የለባትም።

ዶክተር፦ እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንመለስ። እኔ የተማርኩት አድሬናሊን ለሌለው ሊዶኬይን በኪሎ እስከ 4.5 ሚሊ ግራም፣ አድሬናሊን ላለው እስከ 7 ሚሊ ግራም ነው።

ሲስተር፦ እኔ 4 ነው የምጠቀመው።

ዶክተር፦ ለምን 4? አንዳንድ መመሪያ 5 ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ 3 ላይ ያቆማል።

ሲስተር፦ 4 ስል 4.5 ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ምክንያቴ ስሌቱ ነው። ልጁ እየጮኸ፣ እናቱ እያለቀሰች፣ በጭንቅላት የሚሠራ ሒሳብ ቀላል መሆን አለበት። ሁለት በመቶ ከሆነ፣ 4 ሚሊ ግራም ማለት ለአንድ ኪሎ 0.2 ሲሲ ነው። 10 ኪሎ ላለው ልጅ 2 ሲሲ፣ 15 ኪሎ ላለው 3 ሲሲ። ክብደቱን በአምስት አካፍዬ እቀዳለሁ። አንድ በመቶ ከሆነ ደግሞ እጥፉ ነው፤ 10 ኪሎ ላለው 4 ሲሲ።

ዶክተር፦ ስሌቱ ቀላል መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን 4.5 ብጠቀም ለ10 ኪሎ 45 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 2.25 ሲሲ ነው፤ ይህ ሩብ ሲሲ ሰፋ ላለ ቁስል ዋጋ አለው።

ሲስተር፦ ሩብ ሲሲ ከፈለጉ ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከኖርማል ሳላይኑ ይውሰዱት። ይህን ነው ለወጣት ባለሙያዎች ሁሌ የምናገረው። ከቁስሉ ስፋት ጋር የሚጣጣመው የሲሲው ብዛት ነው፤ ልጁን የሚመርዘው የሚሊ ግራሙ ብዛት ነው። ስለዚህ የሚሊ ግራሙን ጣሪያ ሳይነኩ ሲሲውን ማብዛት ይቻላል። ሁለት ሲሲ የሁለት በመቶ ሊዶኬይን ላይ ሁለት ሲሲ ኖርማል ሳላይን ቢጨምሩ፣ ያው 40 ሚሊ ግራም በአራት ሲሲ ውስጥ ይሆናል፤ አንድ በመቶ ሆነ ማለት ነው። ስድስት ሲሲ ቢጨምሩ ግማሽ በመቶ ይሆንና ስምንት ሲሲ ያገኛሉ። ለቁስል ስፌት ግማሽ በመቶውም ያደነዝዛል፤ ታግሦ መጠበቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የያኔው ልጅ ለግንባሩም ለክንዱም ከዚሁ ስምንት ሲሲ ይበቃው ነበር።

ዶክተር፦ በዚህ ላይ ጥቂት እለያለሁ። በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ማቅጠን ሌላ የስሕተት በር ይከፍታል። ቀጥኖ የተቀመጠ ሲሪንጅ ላይ ምልክት ካልተጻፈበት፣ ሁለተኛው ሰው ሁለት በመቶ መስሎት ወይም በተቃራኒው አንድ በመቶ መስሎት ሊወጋ ይችላል። ትንሽ ቁስል ከሆነ አንድ ሲሲ ያልቀጠነ ይበቃል።

ሲስተር፦ ለትንሽ ቁስል እስማማለሁ። ሲሪንጁ ላይ በፕላስተር መጻፍ ግዴታ መሆኑንም እስማማለሁ። ነገር ግን ሁለት ቦታ የተቆረጠ ልጅ ከመጣ፣ እኔ ያለ ማቅጠን አልጀምርም።

ዶክተር፦ እኔ ደግሞ ፊት ለፊቴ የቀጠነ ካልሆነ አልወጋም፤ ሰው አቅጥኖ ያቀበለኝን አልቀበልም።

ሲስተር፦ እርሱም ጥሩ ነው። ወደ ሚዛኑ ልመለስ፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ግምቱ ነውና። ዕድሜው ላይ አራት ደምሮ በሁለት ማባዛት የሚለውን ስሌት ሁላችንም እናውቀዋለን። አራት ዓመት የሆነው ልጅ በዚህ ስሌት 16 ኪሎ ነው። በእጄ የመዘንኩት አንድ አራት ዓመት ግን 11 ኪሎ ነበር። በግምቱ ቢሆን 64 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3.2 ሲሲ ልሰጠው ነበር፤ በሚዛኑ 44 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 2.2 ሲሲ ነው። በግምቱ የሰጠሁት በኪሎ ወደ 6 ሚሊ ግራም ሊጠጋ ነበር። በምግብ እጥረት የቀጨጨ ልጅ በበዛበት አካባቢ፣ በዕድሜ መገመት ጣሪያውን በዝምታ ያልፋል።

ዶክተር፦ የሚያለቅስ ልጅ ሚዛን ላይ አይቆምም ሲሉኝ ሰምቻለሁ።

ሲስተር፦ እናቱ ታቅፋው ትቁም፤ ከዚያ ብቻዋን ትቁም፤ ልዩነቱ የልጁ ክብደት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዚያች ደቂቃ ቁስሉ ላይ ጋዝ ተጭኖ ደሙን ይያዝ።

ዶክተር፦ አድሬናሊን ያለውን 7 ሚሊ ግራም ያልኩትስ? የደም ሥሩን ስለሚያጠብ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ደሙም ይቀንሳል፤ የሚሰፋውም ሰው ቁስሉን በደንብ ያያል።

ሲስተር፦ ምክንያቱ ልክ ነው፤ ራስ ላይ ለሚደማ ቁስል እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን 7 የሚለው ቁጥር የሚሠራው መለያው ላይ አድሬናሊን ተጽፎ ለምናየው ብልቃጥ ብቻ ነው። ብልቃጦቹ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሰው 7 የሚለውን ይዞ ተራውን ያነሣል። ለ10 ኪሎ ልጅ 70 ሚሊ ግራም ተራ ሊዶኬይን ሊሰጥ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን የምወስነው መለያውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ካነበብኩ በኋላ ነው። ጨቅላ ሕፃናት ደግሞ መድኃኒቱን የሚያስወግዱት በዝግታ ስለሆነ፣ ለእነርሱ ከዚህ ሁሉ ዝቅ ብዬ ነው የምጀምረው።

ዶክተር፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጣሪያው ሳይታለፍም መርዙ ሊደርስ ይችላል፤ መርፌው ደም ሥር ውስጥ ከገባ ትንሽ መጠን እንኳ ወዲያውኑ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከመግፋት በፊት ወደ ኋላ ስቦ ደም መምጣቱን ማየትና በቀስታ መግፋት ግድ ነው።

ሲስተር፦ መርፌውን ባዛወሩ ቁጥር እንደገና መሳብ። ደግሞም በቁስሉ አፍ ውስጥ ከውስጥ ወደ ጎን መግባት ከጤነኛው ቆዳ ላይ ከመውጋት ያነሰ ያምማል፤ ቀጭን መርፌ፣ ቀስታ መግፋት። ካልደነዘዘ ግን ወዲያው ተጨማሪ አይቀዳም። አምስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸኩለን መድኃኒቱ አለመሥራቱ ሳይሆን ሰዓት አለማየታችን ነው።

ዶክተር፦ ተጨማሪ ቢያስፈልግስ?

ሲስተር፦ የተጨመረው ከመጀመሪያው ጋር ይደመራል። እንደገና ከዜሮ የሚጀምር ጣሪያ የለም። ሌላው ማደንዘዣ ቡፒቫኬይን ቢቀላቀልበትም የሁለቱ ጉዳት አብሮ ነው የሚቆጠረው። ጣሪያው አልቆ ቁስሉ ካልተሰፋ፣ ልጁ በሌላ ማደንዘዣ ወደሚሰፋበት ሆስፒታል ይላካል እንጂ አይታከልለትም።

ዶክተር፦ እኔ አሁንም ለጤነኛ ልጅ 4.5 እንደማይበዛ እይዛለሁ።

ሲስተር፦ ይያዙት፤ ግን ከመቅዳትዎ በፊት ክብደቱን፣ ሚሊ ግራሙንና ሲሲውን ካርዱ ላይ ይጻፉ። ያን ቀን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ስድስተኛውን ሲሲ ስቀዳ ካርዱ ላይ 2 የሚል አይ ነበር።

ዶክተር፦ የወጋሁበትን ሰዓትም ከሥሩ እጽፋለሁ።