ሲንኩ አልተበላሸም

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

የተጠራሁት ስለ ሦስት ወሩ የፋይል ማመሳሰል ሥራ ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። እዚህ ቤት አንድ ፋይል በቀረ ቁጥር «ሲንኩ ተበላሸ» ይባላል። አልተበላሸም! ፋይሉን ያስቀረው ስሙ ነው።

ያቺን ሐሙስ ታስታውሳላችሁ። የበጀቱ ሰነድ በአንዱ ኮምፒውተር ታርሟል፣ በሌላው አልታረመም፤ በስብሰባው መሀል ተጨቃጨቅን። አንድ ባልደረባችንማ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ማኅደሩን በሙሉ ሌሊቱን ሲያወርድ አድሮ፣ ጠዋት እዚያው ፋይል ላይ ቆመ።

ሰርቨሩን ስከፍት ሁለት ፋይል አገኘሁ፤ `Budget.xlsx` እና `budget.xlsx`። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፤ ለእሱ ትልቁና ትንሹ ፊደል ስለሚለያዩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ግን በተለመደው አሠራሩ ሁለቱንም እንደ አንድ ስም ነው የሚያያቸው። አንደኛው ገብቶ ቦታውን ከያዘ ሌላው ደጅ ይቀራል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን ልዩነቱን ሳያስተውል ማለፉ ይገባኛል። ሳይመለከቱ ፕሮግራሙን መውቀስ ግን አይገባኝም!

እኔ ሰርቨሩ ላይ የጻፍኩት ይህችን ብቻ ነው፦

```
find . | sort -f | uniq -Di
```

በፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩትን ስሞች ታወጣለች። አደራ፣ አዲስ ቀን ያለውን አስቀርታችሁ ሌላውን እንዳትሰርዙ። ሁለቱን ከፍተን ስናይ ግማሹ እርማት በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ነበር። በአንድ ፋይል አጠቃለልን፣ ሌላውን ወደ ሌላ ቦታ አወጣን። የስሙን ትልቅ ፊደል ወደ ትንሽ ስትቀይሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ለውጡን የማያዩ የማመሳሰያ ፕሮግራሞች አሉ። መጀመሪያ `budget-1.xlsx` በሉት፣ እስኪመሳሰል ጠብቁ፣ ከዚያ `budget.xlsx` አድርጉት።

ስለ ክልክል ምልክቶች አጭር ነገር ልበል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እነዚህን አይቀበልም፦ `< > : " / \ | ? *`። በስሙ ላይ ሰዓት የምትጽፉ ከሊኑክስ ስትልኩ የሚቀርባችሁ በ`:` ምክንያት ነው። የእኛ «፡» ሌላ ምልክት ስለሆነ አልተከለከለም። ቀን ስትጽፉም በሰረዝ ይሁን፣ `2024-05-12`።

ፋይሉ ያለበት የማኅደሮች መንገድ ሲረዝምም ይቀራል። በዊንዶውስ የተለመደው ጣሪያ ከ`C:\` ጀምሮ ተቆጥሮ 260 ፊደልና ምልክት ገደማ ነው፤ የእያንዳንዳችሁ የተጠቃሚ ማኅደር ስምም ይቆጠራል። ስለዚህ ያው ፋይል በአንዳችሁ ይገባል፣ በሌላችሁ ይቀራል። የላይኞቹን ማኅደሮች ስም አሳጥሩ።

ሪፖርቱ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ፣ አላነብም። ያቺ መስመር ዛሬ ጠዋት 14 ጥንድ አውጥታለች። ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ የየራሳችሁን ፈልጉ።