የንግድ ቅናሽ እና ቶሎ የመክፈል ቅናሽ፦ ደብተር ውስጥ የሚገባው የቱ ነው?

ሰላም ጓደኞች፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ሁለት ቅናሾችን እንለያለን።

ፒያሳ አንድ ጫማ ቤት ገባችሁ እንበል። ሻጩ «3,000 ብር» ይላል። «ኧረ ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ንገረን!» ትላላችሁ። «እሺ፣ 2,800።» «ቀንስ እንጂ!» ወጣ ስትሉ ይጠራችኋል። «በቃ፣ በ2,700 ውሰዱት።» ደረሰኙ ላይ ስንት ይጻፋል? 2,700። ያ 3,000 የት ገባ? የትም። በአፍ ተነገረ፣ በአፍ ቀረ።

የንግድ ቅናሽ ማለት ይኸው ነው። ሽያጩ ከመመዝገቡ በፊት አልቋል፣ ስለዚህ የራሱ ሂሳብ የለውም።

አሁን ጫማውን በ2,700 በዱቤ ወሰዳችሁ። ሻጩ «በ10 ቀን ውስጥ ካመጣችሁ 2 በመቶ እቀንሳለሁ» አለ። ይህኛው ቶሎ የመክፈል ቅናሽ ነው፣ ከደረሰኙ በኋላ ይመጣል። ታምጡ አታምጡ ገና አይታወቅም። እኔ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ይህን የጊዜ ልዩነት ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ወደ ምዝገባው። አንድ የቢሮ ዕቃ ሻጭ የ50,000 ብር ወንበር በዱቤ ሸጠ። ብዙ ስለተገዛ 10 በመቶ የንግድ ቅናሽ ሰጠ። በ10 ቀን ከተከፈለ ደግሞ 2 በመቶ ይቀነሳል፣ ካልሆነ በ30 ቀን ሙሉው ይከፈላል። ቫቱን ለዛሬ እንተወው።

በሽያጩ ቀን፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ ዴቢት 45,000፣ ሽያጭ ክሬዲት 45,000። 50,000 የሚባል ቁጥር የለም።

በ8ኛው ቀን ተከፈለ፦ ካሽ ዴቢት 44,100፣ የሽያጭ ቅናሽ ዴቢት 900፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት 45,000።

አይ ኤፍ አር ኤስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚከተል ድርጅት ግን ቅናሹ እንደሚወሰድ ከገመተ ሽያጩን ከመነሻው ዝቅ አድርጎ ይይዛል። እሱን ለብቻው እንሠራዋለን፣ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ አለ። «10 እና 2 ደምረን 12 በመቶ ብንቀንስስ?» አይሆንም! እዚህ ላይ ቆም እንበል። 12 በመቶ ከ50,000 ላይ 6,000 ነው፣ ስለዚህ ደንበኛው 44,000 ይልካል። እኛ የምንጠብቀው ግን 44,100 ነው። 2 በመቶው የሚሰላው ከ45,000 ላይ ነዋ! 50,000ውን ማንም አልተበደረውም፣ ያልተበደሩት ላይ ደግሞ ቅናሽ አይሰላም። ስህተቱን የምታውቁት የደንበኛውን ሂሳብ ስታዩ ነው። ከፍያለሁ ያለው ሰው ላይ 100 ብር ተንጠልጥላ ትገኛለች። ያኔ 900ውን 1,000 አድርጋችሁ እንዳትዘጉት። ደውላችሁ ስሌቱን አስረዱት።

በ25ኛው ቀን ቢከፍልስ? ካሽ ዴቢት 45,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት 45,000። የሽያጭ ቅናሽ የሚባል መስመር አይኖርም።